ረጅም ፈቃድ ስትጠይቁ፦ ቀኑ፣ ሥራው እና ስልኩ

ረጅም ፈቃድ የሚከለከለው ብዙ ጊዜ አለቃው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ወንበሩ ባዶ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ስላልታየው ነው። «ሦስት ወር ልቀር ነው» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣበት የእናንተ ችግር ሳይሆን የእሱ የወር መጨረሻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሲቀርብለት ሦስት ነገር ተመልሶ ማግኘት አለበት፦ ከመቼ እስከ መቼ ነው? ሥራውን ማን ይሠራል? የግድ ሲሆን በምን ትገኛላችሁ? ምክንያቱ ምንም ያህል አሳማኝ ቢሆን እነዚህን አይተካም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በአንድ ምሳሌ እንሂድ። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ አለች እንበል። ዋና ሥራዋ በየወሩ የሠራተኞችን ደመወዝ ማዘጋጀት ነው። እናቷ የዳሌ መገጣጠሚያ ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው ነው። ቀዶ ጥገናው ድንገተኛ ሳይሆን በቀጠሮ የሚደረግ ነው። ከዚያ በኋላ እስኪያገግሙ የምታስታምማቸው እሷ ናት፤ የምትፈልገው 12 ሳምንት ነው።

መጀመሪያ ደንቡን አንብቡ

ከአለቃ ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት የቅጥር ውላችሁን፣ የድርጅቱን የሰው ኃይል መመሪያ፣ ካለም የኅብረት ስምምነቱን አንብቡ። የምትፈልጉት ዓይነት ፈቃድ በሕግ ወይም በደንብ የተሰጠ መብት ነው ወይስ በአሠሪው በጎ ፈቃድ የሚሰጥ ነው? የወሊድና የሕመም ፈቃድ ብዙ ቦታ መብት ነው። ያለ ክፍያ የሚወሰድ ረጅም ፈቃድ ግን በአብዛኛው በስምምነት የሚሰጥ ነው። መብት የሆነውን «እባካችሁ» እያሉ መለመን፣ በስምምነት የሚሰጠውን ደግሞ «ግዴታችሁ ነው» ብሎ መጀመር ሁለቱም ንግግሩን ያበላሻሉ።

ከዚያ የሰው ኃይል ክፍሉን በጽሑፍ የምትጠይቋቸው ነገሮች አሉ። ደመወዝ በማይከፈልበት ጊዜ የጤና መድኅኔ ይቀጥላል ወይ? የጡረታ መዋጮዬስ? የዓመት ፈቃዴ በዚያ ጊዜ ይታሰባል ወይ? ስመለስ የምገባው በያዝኩት የሥራ መደብ ላይ ነው ወይስ «ተመጣጣኝ» በተባለ ሌላ መደብ ላይ? የመጨረሻው ጥያቄ ለብዙ ሰው የሚታሰበው ከተመለሰ በኋላ ነው። መልሱን ከመሄዳችሁ በፊት በእጃችሁ ያዙ።

ምናልባት ፈቃዱን መደባለቅ ይቻል ይሆናል። የእኛዋ ሠራተኛ 10 ቀን የዓመት ፈቃድ አላት። 12 ሳምንት በሳምንት በ5 የሥራ ቀን ሲሰላ 60 የሥራ ቀን ነው። ደንቡ ከፈቀደላት የመጀመሪያዎቹን 10 ቀናት ከዓመት ፈቃዷ ትወስዳለች፤ ያለ ክፍያ የምትጠይቀው 50 ቀን ብቻ ይሆናል። በመካከል የሕዝብ በዓል ካለ ቁጥሩ ስለሚቀየር በዓላቱ እንዴት እንደሚቆጠሩ ከሰው ኃይል ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ቀኑን ከሥራው ዑደት ጋር አስተያዩ

ብዙ ሰው ቀን የሚመርጠው የራሱን ጉዳይ ብቻ አይቶ ነው። የሥራውንም ዙር አብራችሁ ካያችሁ ግን አንድ ሳምንት ማንሸራተት ብዙ ነገር ያቀልላል።

የእኛዋ ሠራተኛ መጀመሪያ ያሰበችው ሰኞ ጥር 25 ለመጀመር ነበር። ከዚያ 12 ሳምንት ሲቆጠር የምትመለሰው ሰኞ ሚያዝያ 19 ነው። በመካከሉ የጥር፣ የየካቲትና የመጋቢት ደመወዝ ይወድቃል። ሦስት ደመወዝ ሌላ ሰው ሊሠራላት ነው ማለት ነው። ሆስፒታሉን ጠይቃ ቀጠሮውን በአንድ ሳምንት ብታዘገየው ደግሞ ሰኞ የካቲት 2 ጀምራ ሰኞ ሚያዝያ 26 ትመለሳለች። የጥርን ደመወዝ ራሷ ዘግታ ትሄዳለች፤ የሚያዝያው ሳይከፈል ትደርሳለች። በእሷ አለመኖር የሚሠራው የየካቲትና የመጋቢት ብቻ ነው። የፈቃዱ ርዝመት ያው 12 ሳምንት ነው፣ በሌላ ሰው ላይ የሚወድቀው ጫና ግን ከሦስት ወደ ሁለት ወረደ። ለአለቃዋ ይህን ስትነግረው ስለ ክፍሉ አስባ እንደመጣች ወዲያው ይገባዋል።

እናንተም ሥራችሁ የሚጠነክርበትን ጊዜ ፈልጉ። ለአስተማሪ የፈተና ሰሞን ነው፣ ለሻጭ ሽያጭ የሚደራበት ወር ነው፣ ለሶፍትዌር ሠራተኛ አዲስ ሥሪት የሚለቀቅበት ሳምንት ነው። ቀኑ በእጃችሁ ካልሆነ፣ ለምሳሌ ወሊድ ከሆነ፣ ማንሸራተት የለም፤ በዚያ ጊዜ የሚወድቀው ሥራ ምን እንደሆነ ማወቅ ግን ያው ይጠቅማል።

ቀኑን ስትጽፉ አራት ቀን ጻፉ። «ከየካቲት 2 እስከ ሚያዝያ 26» ብቻ ካላችሁ ሚያዝያ 26 ቢሮ ናችሁ ወይስ ቤት ናችሁ? አንዱ ትገባለች ብሎ ስብሰባ ይይዛል፣ ሌላው ፈቃድ ላይ ናት ይላል፣ ደመወዝ ላይም የአንድ ቀን ስህተት ይፈጠራል። እንዲህ ቢጻፍ ጥያቄ አይኖርም፦

በሥራ ላይ የምገኝበት የመጨረሻ ቀን፦ ዓርብ ጥር 29
ፈቃዱ የሚጀምርበት ቀን፦ ሰኞ የካቲት 2
የፈቃዱ የመጨረሻ ቀን፦ ዓርብ ሚያዝያ 23
ሥራ የምገባበት ቀን፦ ሰኞ ሚያዝያ 26 ጠዋት

የሳምንቱን ቀን ከወሩ ቀን ጋር መጻፍ አትርሱ። ሁለቱ ካልገጠሙ ስህተቱ ወዲያው ይታያል።

አምስተኛ ቀንም ጨምሩ፦ ማራዘም ቢያስፈልግ የምታሳውቁበትን። ታማሚ በታሰበለት ቀን ላያገግም ይችላል። «ማራዘም ካስፈለገኝ እስከ ሰኞ ሚያዝያ 5 ድረስ አሳውቃለሁ» ብትል ከመመለሻዋ ሦስት ሳምንት ቀድማ ነው። ክፍሉ የሚያዝያን ደመወዝ ማን እንደሚሠራ ለመወሰን ጊዜ ያገኛል። በመጨረሻው ሐሙስ ደውሎ «ሁለት ሳምንት ጨምሩልኝ» ማለት ግን የሚቀጥለውን ፈቃድ ጭምር ያስከለክላል።

ሥራውን ማን ይሠራል?

እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። ፈቃዱ የሚፀድቀውም የሚወድቀውም በዚህ ነው።

የሥራችሁን ዝርዝር ከሥራ መዘርዝሩ ላይ አትገልብጡ። እዚያ ላይ የተጻፈውና በየቀኑ የምትሠሩት አይገጣጠሙም። ይልቅ ያለፉትን ሦስት ወራት የላካችሁትን ኢሜይልና የቀን መቁጠሪያችሁን ክፈቱና አንድ በአንድ ሂዱበት። ማን ምን ጠየቃችሁ? ምን ላካችሁለት? የእኛዋ ሠራተኛ ይህን ስታደርግ ከደመወዙ ሌላ ማንም የማያስታውሳቸው ነገሮች ታገኛለች። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ስሙን ወደ ሲስተሙ የምታስገባው እሷ ናት። ሰው ሲለቅ የመጨረሻ ሒሳቡን የምትዘጋው እሷ ናት። «የደመወዝ ማስረጃ ጻፉልኝ» ለሚል ሁሉ የምትጽፈውም እሷ ናት። ሰው ሄዶ ችግር የሚፈጠረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለው ትንሽ ሥራ ላይ ነው። ትልቁንማ ሁሉም ያውቀዋል።

ዝርዝሩ ከተሠራ በኋላ ለሦስት ክፈሉት። በቀኑ ካልተሠራ ጉዳት የሚያመጣ፣ እስክትመለሱ ሊቆይ የሚችል፣ ከመሄዳችሁ በፊት ልትጨርሱት የምትችሉት። ሁሉንም ለተተኪ መጫን ከባድ ስህተት ነው። ሊቆይ የሚችለው ይቆይ፤ እንደሚቆይ ግን አለቃችሁ በግልጽ ይስማማበት። የእኛዋ ሠራተኛ የድሮ ፋይሎችን የማደራጀት ሥራ ጀምራ ነበር። እሱ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ይቆማል። የመጨረሻ ሒሳብ መዝጋት ግን አይቆይም።

ለማይቆየው ሥራ ለእያንዳንዱ አንድ ባለቤት ይኑረው። «የክፍሉ ባልደረቦች ይሸፍኑታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሥራውን ለማንም አይሰጠውም። ተተኪውን ከመጻፋችሁ በፊት ራሱን አነጋግሩት፤ ስሙን ከአለቃ ጠረጴዛ ላይ እንዳያገኘው። የሚወስነው አለቃው ነው፤ ባልደረባችሁ ግን ሳይሰማ መቅረብ የለበትም። ደግሞ ጠይቁት፦ ይህን ሲይዝ ከእጁ ምን ይወረድለት? የራሱን ሙሉ ሥራ ይዞ የእናንተንም ከተሸከመ ሁለቱም ይበላሻሉ።

እዚህ ላይ የሒሳብ ሰዎች የሚጠነቀቁለት አንድ ነገር አለ። ለእኛዋ ሠራተኛ ቶሎ የሚታሰባት ምክትል ኃላፊው ነው፤ ደመወዙን በየወሩ አይቶ የሚያፀድቀው እሱ ስለሆነ አሠራሩን ያውቀዋል። ነገር ግን የሚያዘጋጀውና የሚያፀድቀው አንድ ሰው ከሆነ ስህተት ቢኖር የሚያየው ሌላ ዓይን የለም። ለማጭበርበርም በር ይከፍታል። ስለዚህ የመረጠችው የአቅራቢዎችን ክፍያ የሚሠራውን ባልደረባዋን ነው። ደመወዝ ሠርቶ አያውቅም፤ ማፀደቁ ግን በቦታው ይቀራል። በእናንተም ሥራ ውስጥ አንዱ ሠርቶ ሌላው የሚያይበት ቦታ ካለ በእናንተ መሄድ ምክንያት እንዳይጠፋ ተጠንቀቁ።

ከስንት ጊዜ በፊት መጠየቅ አለብን ለሚለውም መልሱ ከዚህ ይመጣል። ደንቡ ያስቀመጠው ትንሹ የማሳወቂያ ጊዜ እንዳለ ሆኖ፣ የዋና ሥራችሁን ሁለት ሙሉ ዙር የሚያስገባ ጊዜ ያስፈልጋችኋል። በመጀመሪያው ዙር እናንተ ትሠራላችሁ፣ ተተኪው አጠገባችሁ ሆኖ ያያል፣ እየጻፈ። በሁለተኛው እሱ ይሠራል፣ እናንተ ታያላችሁ። በሁለተኛው ዙር እጃችሁን ሰብስቡ፤ ማውሱን ተቀብላችሁ «እንዲህ ነው» ካላችሁ አልተማረም። የታኅሣሥ ደመወዝ የመጀመሪያው ዙር፣ የጥር ሁለተኛው ከሆነ ማመልከቻዋ በኅዳር መጨረሻ መግባት አለበት።

የርክክብ ጽሑፉን በዚያው ሁለተኛ ዙር ፈትሹት። ተተኪው ጽሑፉን ብቻ እያየ ይሥራ። ቆም ብሎ ቀና ባለ ቁጥር እዚያ ቦታ ላይ አንድ መስመር ጎድሏል ማለት ነው። በእኛዋ ሠራተኛ ጽሑፍ ላይ «የትርፍ ሰዓቱን አስገባ» የሚል ነበር። ባልደረባዋ እዚህ ሲደርስ ቆመ። ከማን ነው የሚመጣው? በስንት ቀን? ካልመጣስ? ስለዚህ አስተካከለችው፦ «የትርፍ ሰዓት ቅጽ ከየክፍሉ ኃላፊ ወሩ በገባ በ20 ይመጣል። በ22 ያልላከ ካለ ደውል። በ23 ካልመጣ ያለ እሱ ዝጋውና በሚቀጥለው ወር ይካካስ፤ ለኃላፊው በኢሜይል አሳውቅ።» ተተኪ የሚፈልገው የዚህን ዓይነት ጽሑፍ ነው።

የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ። ተተኪው በራሱ ስም የመግቢያ ፈቃድ ይጠየቅለት፤ ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት በፊትም በራሱ ኮምፒውተር ገብቶ ይሞክረው። በእናንተ ስም ከተገባ በእናንተ አለመኖር የተሠራ ስህተት በእናንተ ስም ይመዘገባል። የባንክ ፊርማ ካላችሁ ደግሞ ቶሎ ጀምሩ፤ ፈራሚ መቀየር ደብዳቤና ቀናት ይፈልጋል።

ስልኩ መቼ ይጮኻል?

«ካስፈለገ ደውሉልኝ» ማለት ደግነት ይመስላል። ውጤቱ ግን ወይ በቀን አምስቴ መደወል ነው፣ ወይ ይሉኝታ ይዟቸው የግድ በሆነም ጊዜ አለመደወል ነው። ስለዚህ ምን ሲሆን እንደሚደወል በምሳሌ ጻፉት። ለእኛዋ ሠራተኛ የሚያስደውለው ደመወዝ በቀኑ እንዳይከፈል የሚያደርግ ችግር ነው፣ የተሳሳተ ገንዘብ ወጥቶ ከሆነ ነው፣ ከእሷ በቀር ማንም ሊመልሰው የማይችል የኦዲት ጥያቄ ነው። «ፋይሉ የት ነው?» አያስደውልም። የርክክብ ጽሑፉ ውስጥ አለ።

ከዚያ ማን እንደሚደውል ወስኑ። አንድ ሰው ብቻ ይሁን። የክፍሉ ኃላፊ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰው ጥያቄውን መጀመሪያ ለእሱ ሲያቀርብ አብዛኛው እዚያው ይፈታል። መንገዱንም አንድ አድርጉት። ኢሜይል፣ የጽሑፍ መልእክትና ሦስት የመልእክት መተግበሪያ ክፍት ከሆኑ ሁሉንም ስትፈትሹ ትውላላችሁ። «የስልክ ጥሪ፣ ካላነሣሁ አጭር የጽሑፍ መልእክት፤ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ እመልሳለሁ» ይበቃል። ሌላ አገር የምትሆኑ ከሆነ የሰዓት ልዩነቱን ጻፉላቸው። የማትገኙባቸውን ቀኖችም ቀድማችሁ ንገሩ፦ የቀዶ ጥገናው ዕለትና ማግስቱ ስልኳ ዝግ ነው።

ትንንሽ ጥያቄዎች ለሚጠራቀሙበት ሥራ በሳምንት አንድ አጭር ሰዓት መስጠት ይረዳል፤ ለምሳሌ ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ግማሽ ሰዓት። ይህን የምመክረው ግን ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከቀጠለ ርክክቡ አልተጠናቀቀም ማለት ነው። በሕመም ወይም በወሊድ ፈቃድ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ መጀመሪያ ደንቡን እዩ፤ በፈቃድ ላይ እያሉ መሥራት ክፍያውን የሚነካበት ቦታ አለና።

እናንተ ጭራሽ የማትገኙ ብትሆኑስ? የአንድ ቤተሰብ ስልክ ለሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ስጡ። ያን ሰው አስቀድማችሁ አስፈቅዱት። ቁጥሩ ስለ እናንተ ደኅንነት ለመጠየቅ እንጂ ለሥራ ጉዳይ እንዳልሆነ ጻፉበት።

ከወሬ ወደ ወረቀት

መጀመሪያ አለቃችሁን በአካል አነጋግሩ። ደብዳቤ ሳያስቡት ሲደርስ ሰው ይከፋዋል፤ መልሱም ጠንከር ይላል። ግን ወሬው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወረቀት ይሁን። የእኛዋ ሠራተኛ ያስገባችው ይህን ይመስላል፦

> ቀን፦ ኅዳር 22
> ለፋይናንስ ክፍል ኃላፊ
> ግልባጭ፦ ለሰው ኃይል አስተዳደር
>
> ጉዳዩ፦ የ12 ሳምንት ፈቃድ ስለመጠየቅ
>
> ዛሬ ጠዋት በአካል እንደተነጋገርነው እናቴ በቀጠሮ ቀዶ ጥገና ስለሚደረግላቸው እሳቸውን ለማስታመም ከሰኞ የካቲት 2 ጀምሮ ፈቃድ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። በሥራ ላይ የምገኝበት የመጨረሻ ቀን ዓርብ ጥር 29 ነው። ሰኞ ሚያዝያ 26 ጠዋት ሥራ እገባለሁ። ከየካቲት 2 እስከ 13 ያሉት 10 የሥራ ቀናት ከዓመት ፈቃዴ እንዲያዙልኝ፣ ከየካቲት 16 እስከ ሚያዝያ 23 ያሉት የሥራ ቀናት ያለ ክፍያ እንዲሆኑ እጠይቃለሁ። ማራዘም ካስፈለገኝ እስከ ሚያዝያ 5 አሳውቃለሁ።
>
> በዚህ ጊዜ የሚወድቁት የየካቲትና የመጋቢት ደመወዝ ናቸው። የአቅራቢዎች ክፍያ ሠራተኛው እንዲያዘጋጃቸው ሐሳብ አቀርባለሁ፤ አነጋግሬው ፈቃደኛ ነው። ማፀደቁ እንደተለመደው በምክትል ኃላፊው ይቀጥላል። የታኅሣሡን አብሮኝ ያያል፣ የጥሩን እሱ ሠርቶ እኔ አያለሁ። የሥራ ዝርዝሩ ከዚህ ጋር ተያይዟል።
>
> ደመወዝ በቀኑ መክፈል የማይቻልበት ችግር ከገጠመ በእርስዎ በኩል በስልክ እገኛለሁ። የቀዶ ጥገናው ዕለትና ማግስቱ ግን ስልኬ ዝግ ይሆናል።
>
> ውሳኔዎን እስከ ታኅሣሥ 6 በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ስለ ሕመሙ ዝርዝር እንዳልገባች ልብ በሉ። ማስረጃ ከተፈለገ ለሰው ኃይል ክፍሉ ለብቻው ይሰጣል።

መልሱ «አይቻልም» ከሆነ ወዲያው አትከራከሩ። የማይቻለው ቀኑ ነው፣ ርዝመቱ ነው ወይስ ተተኪው? ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑ ከሆነ ሌላ ቀን ይዛችሁ ቅረቡ። ርዝመቱ ከሆነ 8 ሳምንት ሙሉ ፈቃድና 4 ሳምንት ግማሽ ቀን ሥራ ማለት ይቻላል። መብታችሁ የሆነ ፈቃድ ተከልክሎ ከሆነ ግን እምቢታውን በጽሑፍ ጠይቁና ወደ ሰው ኃይል፣ ካለም ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ሂዱ።

«እሺ» ከተባለም በወረቀት ወይም በኢሜይል እስኪመጣ ቲኬት አትቁረጡ። በቃል እሺ ያለ አለቃ እስክትመለሱ ሊቀየር ይችላል፤ አዲሱ የሚያየው ፋይሉን ነው። የፀደቀበትን ደብዳቤ ከቢሮ ኮምፒውተር ውጭም አንድ ቅጂ ያዙ፤ በፈቃድ ላይ ሳላችሁ የቢሮ ኢሜይላችሁ ሊዘጋ ይችላል።

የመጨረሻው ሳምንትና መመለሻው

በመጨረሻው ሳምንት አዲስ ሥራ አትቀበሉ። ርክክቡን ሐሙስ ጨርሱት። ዓርብ ሁልጊዜ ያልታሰበ ነገር ይመጣል። የኢሜይል አውቶማቲክ መልሱ አጭር ይሁን፦ «ፈቃድ ላይ ነኝ። ሰኞ ሚያዝያ 26 ሥራ እገባለሁ። የደመወዝ ጉዳይ ከሆነ በዚህ አድራሻ ይጻፉ።» የት እንደሄዳችሁና ለምን እንደሄዳችሁ እዚያ ላይ አይጻፍም፤ የማታውቁት ሰውም ያነበዋል።

ስትመለሱ ሥራውን በመጀመሪያው ሰዓት ከተተኪው እጅ አትንጠቁ። የእኛዋ ሠራተኛ በምትገባበት ሰኞ የሚያዝያ የትርፍ ሰዓት ቅጾች በባልደረባዋ እጅ ናቸው፤ ደመወዙ ሊከፈል የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ያን ወር እሱ ይጨርሰው፣ እሷ አጠገቡ ሆና ትይ። በዚያው የሁለቱን ወራት ደመወዝ ትመረምራለች፣ የተካካሰና ያልተካካሰ ትርፍ ሰዓት ትለያለች። የሚያዝያ ደመወዝ ከወጣ በኋላ የእሱ የሲስተም ፈቃድ እንዲዘጋና የራሷ እንዲከፈት በጽሑፍ ትጠይቃለች።